ስህተትንና ጥረትን መመዘን፦ ከዶራሌ ወደብ ክሬን የተወሰደ የሂሳብ ትምህርት

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው በዶራሌ ጠረፍ ላይ የተደረደሩትን ረጃጅም ክሬኖች ከሩቅ ያያቸዋል። የኮንቴይነሩ ወደብ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የባሕር ጭነት አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች ነው። ክሬኑ ኮንቴይነሩን ከመርከቡ ላይ አንሥቶ ወደ የብስ ሲያሻግር አንድ ጋሪ በክንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ ኮንቴይነሩም ከጋሪው ሥር በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ይከተለዋል። ጋሪው በፍጥነት ቢሄድ ጊዜ ይቆጠባል። ነገር ግን በድንገት ከተነሣ ወይም በድንገት ከቆመ ጭነቱ እንደ ሰዓት እንጥልጥል ይወዛወዛል፤ በሚወዛወዝ ኮንቴይነር ሥር ደግሞ መኪና አለ፣ ሰውም አለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጋሪው ምን ያህል ይቸኩል? «በተቻለ መጠን ይፍጠን» ማለት መልስ አይሆንም፤ «ቀስ ይበል» ማለትም አይሆንም። ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ መልሱን በስሌት የሚያወጣ ዘዴ አለ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1960 ሩዶልፍ ካልማን አሁን በሚታወቅበት መልክ አቀረበው። ስሙ በአማርኛ ቢገለጽ «ቀጥተኛ ሥርዓትን በስኩዌር ሂሳብ መቆጣጠር» እንደ ማለት ነው። ዘዴው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሰጥ ቢሆንም፣ ቀላሉን ምሳሌ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስኩዌር መሙላትን እስከ ቻለ ድረስ በእጁ ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የመረጥናቸው እንጂ የአንድ የተወሰነ ክሬን መለኪያዎች አይደሉም።

የችግሩ አቀማመጥ

ጋሪው ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ ያለውን ርቀት x እንበለው፤ ይህ የቦታ ስህተቱ ነው። ፍጥነቱን v እንበል። ሁለቱ በአንድነት የጋሪውን ሁኔታ ይገልጻሉ። እኛ የምናዝዘው ደግሞ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በምን ያህል እንዲለወጥ ነው፤ ይህን ፍጥንጥነት u እንበለው። የመቆጣጠሪያው ጥረት ማለት ይህ u ነው። ሞተሩን የሚያደክመው፣ ጭነቱንም የሚያወዛውዘው እርሱ ነውና።

አሁን አንድ «የዕዳ መዝገብ» እንክፈት። በየቅጽበቱ ሦስት ዓይነት ዕዳ ይመዘገባል፦

q1·x² + q2·v² + r·u²

ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የዚህ ሁሉ ድምር (ኢንቴግራል) አጠቃላይ ዕዳው ነው። ስኩዌር ያደረግንበት ምክንያት አለ። በግራም በቀኝም ያለ ስህተት እኩል ይቈጠራል፤ ደግሞም ትልቅ ስህተት ከትንሹ እጅግ የበለጠ ያስከፍላል። q1 እና q2 የስህተት ክብደቶች ሲሆኑ በአራት ማዕዘን ሰንጠረዥ ውስጥ በሰያፍ ሲቀመጡ የሁኔታው የክብደት ማትሪክስ Q ይሆናሉ። r የጥረቱ ክብደት ነው። እዚህ የሚታዘዘው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ R የተባለው ማትሪክስ አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

መፍትሔው በስኩዌር መሙላት

ጋሪው በአንድ ሁኔታ ላይ ሳለ ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሚቀረው ትንሹ ዕዳ የሚከተለው መልክ አለው ብለን እንነሣ፦

V = p1·x² + 2·p2·x·v + p3·v²

የ x የለውጥ መጠን v፣ የ v የለውጥ መጠን u መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ የ V የለውጥ መጠን

2·p1·x·v + 2·p2·v² + 2·p2·x·u + 2·p3·v·u

ይሆናል። በጥሩው ጉዞ ላይ የሚቀረው ዕዳ የሚቀንሰው ልክ በየቅጽበቱ በተከፈለው መጠን ነው። ስለዚህ ይህን ለውጥ ከቅጽበቱ ክፍያ ጋር ስንደምረው፣ u በሚገባ ከተመረጠ ዜሮ መምጣት አለበት፤ ባይመረጥ ግን ከዜሮ በላይ ይሆናል። u ያለባቸውን አባላት ብቻ ብንሰበስብ r·u² + 2·u·(p2·x + p3·v) እናገኛለን። ስኩዌር ስንሞላ ትንሹ ዋጋ የሚገኘው በዚህ ላይ ነው፦

u = −(p2·x + p3·v)/r

በዚህም ጊዜ የሚቀረው −(p2·x + p3·v)²/r ነው። ድምሩ ለማንኛውም x እና v ዜሮ እንዲሆን የ x²፣ የ v² እና የ x·v አባዢዎች እያንዳንዳቸው ዜሮ መሆን አለባቸው፦

q1 − p2²/r = 0
q2 + 2·p2 − p3²/r = 0
p1 − p2·p3/r = 0

እነዚህ ሦስት መስመሮች በጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ በያኮፖ ሪካቲ ስም የሚጠራው እኩልታ በቀላል መልኩ ናቸው። ከመጀመሪያው p2 ይገኛል፤ እርሱን በሁለተኛው ውስጥ ስንተካ p3 ይገኛል። k1 = p2/r፣ k2 = p3/r ብንል ትእዛዙ u = −k1·x − k2·v ሆኖ፦

k1 = √(q1/r)
k2 = √(q2/r + 2·k1)

ይሆናል። ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ ያስፈልጋል፤ ክብደቶቹ በመልሱ ውስጥ የሚገኙት q1/r እና q2/r እየሆኑ ብቻ ነው። ሦስቱንም በአሥር ብናባዛቸው ክሬኑ ምንም ለውጥ አያሳይም። ትርጉም ያለው የክብደቶቹ ንጽጽር እንጂ መጠናቸው አይደለም።

በቁጥር ሲሠራ

ጋሪው ከመድረሻው 10 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። ክብደቶቹን ከየት እናምጣ? አርተር ብራይሰን ያስተማረው ጥሩ ልማድ አለ፤ ለእያንዳንዱ መጠን የምንታገሠውን ትልቁን ዋጋ ወስዶ ለስኩዌሩ 1ን ማካፈል ነው። የርቀቱ 10 ሜትር ከሆነ q1 = 1/100 = 0.01 ይሆናል። የፍጥንጥነቱ ግማሽ ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ከሆነ r = 1/0.25 = 4 ይሆናል። ለጊዜው ለፍጥነት ክብደት አንስጥ፤ q2 = 0። በዚህ መሠረት k1 = 0.05፣ k2 = 0.316 ይመጣል። የመነሻው ትእዛዝ 0.05 × 10 = 0.5 ነው፤ ይህም ልክ የፈቀድነው መጠን ነው።

ነገር ግን ጉዞውን ብንከታተለው ጋሪው በ20 ሰከንድ ገደማ መድረሻውን በ43 ሳንቲ ሜትር አልፎ ሄዶ ይመለሳል። ኮንቴይነርን በመኪና ላይ ለማስቀመጥ ይህ አይፈቀድም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ q1ን ለመጨመር ይቸኩላል፤ ሆኖም q2 ዜሮ እስከሆነ ድረስ q1 ቢጨምርም ጋሪው የሚያልፈው ያው 43 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚለወጠው የሚያልፍበት ጊዜ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ያለው በፍጥነት ክብደት ውስጥ ነው። q2 = 0.4 ብናደርግ k2 = √(0.1 + 0.1) = 0.447 ይሆናል፤ ይህም ጋሪው ሳያልፍ ከሚደርስባቸው መጠኖች ትንሹ ነው። ከዚያም በ26 ሰከንድ ገደማ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ይቃረባል።

የችኮላ ዋጋ

የወደቡ ኃላፊ ጊዜው በግማሽ ይቀነስልኝ ቢል ምን ይደረጋል? 13 ሰከንድ ለማግኘት k1 ከ0.05 ወደ 0.2 ማደግ አለበት፤ ለዚህም q1 በ16 እጥፍ፣ q2 በ4 እጥፍ ይጨመራል። የመነሻው ትእዛዝ ግን 0.2 × 10 = 2 ይሆናል። ጊዜው በግማሽ ሲቀንስ ፍጥንጥነቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህ በጭነቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መመርመር ይቻላል። በአንድ ወጥ ፍጥንጥነት የሚሄድ ጋሪ ገመዱን የሚያዘነብለው፣ የማዕዘኑ ታንጀንት u ለ9.8 ሲካፈል እስከሚገኘው ቁጥር ነው። ገመዱ 20 ሜትር ቢሆን፣ በ0.5 ፍጥንጥነት ጭነቱ ወደ ኋላ የሚቀረው 1 ሜትር ያህል ነው፤ በ2 ግን 4 ሜትር ያህል ይሆናል። መደበኛ ኮንቴይነር ጐኑ 2.44 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጭነቱ ከራሱ ስፋት በላይ ተወዛወዘ ማለት ነው። በትእዛዛችን ውስጥ u እየቀነሰ ስለሚሄድ እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው፤ ቢሆንም የአደጋውን መጠን ያሳያሉ። የ20 ሜትር ገመድ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ደግሞ 9 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጭነቱ እስኪረጋ ሁለት ውዝዋዜ ቢጠበቅ 18 ሰከንድ ሄደ፤ የተቆጠበው 13 ሰከንድ ነበር።

ስሌቱ የማያየው ነገር

ከላይ የሠራነው መዝገብ ውዝዋዜን በቀጥታ አይቈጥርም፤ በ r በኩል ብቻ ይገታዋል። በተሟላ ንድፍ የገመዱ ማዕዘንና ማዕዘኑ የሚለወጥበት ፍጥነት ይጨመሩና ሁኔታው አራት መጠኖች ይኖሩታል። Q አራት በአራት ይሆናል፤ ስሌቱም ለኮምፒዩተር ይተዋል። ገመዱ ሲረዝምና ሲያጥር የውዝዋዜው ጊዜ ስለሚለወጥ የ k ቁጥሮችም አብረው መለወጥ አለባቸው።

ሁለተኛው ጉድለት በቀላሉ ይታያል። በሞቃቶቹ ወራት በጅቡቲ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል እንበልና ሳያቋርጥ በ0.02 ፍጥንጥነት መጠን ጋሪውን ይገፋዋል። ጋሪው የሚቆመው 0.05 × x ከ0.02 ጋር እኩል በሆነበት ቦታ፣ ማለትም ከመድረሻው 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ጋሪው ይረጋል፣ አይወዛወዝም፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይስታል። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ክብደትን በጭፍን መጨመር ሳይሆን፣ የተጠራቀመውን ስህተት ማለትም የ x ኢንቴግራልን ራሱን የቻለ ሦስተኛ የሁኔታ መጠን አድርጎ ክብደት መስጠት ነው።

ሦስተኛ፣ የስኩዌር ክብደት ያስከፍላል እንጂ አይከለክልም። ጋሪው ከ10 ሳይሆን ከ40 ሜትር ቢነሣ የመጀመሪያው ትእዛዝ እንኳ 2 ይሆናል። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ በተዘጋጀ የጉዞ መርሐ ግብር ማስኬድና ይህን ስሌት ከመርሐ ግብሩ የሚደረገውን ትንሽ መሳት ለማረም መጠቀም ይሻላል።

መልመጃ

1. r ከ4 ወደ 64 ቢያድግና q1 = 0.01 ቢሆን፣ ጋሪው ሳያልፍ እንዲደርስ q2 ስንት መሆን አለበት? የመነሻው ትእዛዝስ?
2. በዚህ አዲስ ምርጫ ነፋሱ የሚያስከትለው መሳት ስንት ሜትር ይሆናል? ጥረትን ማስወደድ ከነፋስ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያስከፍል ከመልሱ ተነሥታችሁ አብራሩ።

መልስ፦ 1) q2 = 1.6፤ ትእዛዙ 0.125 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። 2) 1.6 ሜትር።