«ደመወዝ፦ በስምምነት» ከማለት በፊት

የሥራ ማስታወቂያዎቻችን «ደመወዝ፦ በስምምነት» ማለት ስለሚወዱ፣ የገበያውን ዋጋ ከማስታወቂያ ላይ ማወቅ ያስቸግራል። ጠይቆ ማሰባሰብ ግድ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ድርጅት ሁለተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው እንበል። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ስድስት ተመሳሳይ ድርጅቶችን ጠየቀች። መልሱ 18፣ 20፣ 21፣ 22፣ 24 እና 40 ሺህ ብር ሆነ። አማካዩ ከ24 ሺህ ይበልጣል፤ ግን ያሳስታል። 40 ሺህ የሚከፈለው ሰው መጠሪያው «የሒሳብ ሠራተኛ» ይሁን እንጂ ሦስት ሰዎችን ይመራል፤ ሥራው ሌላ ነው። እሱ ሲወጣ የመሃሉ አሃዝ 21 ሺህ ይሆናል። መነጻጸር ያለበት የሥራው ዝርዝር እንጂ የመደቡ ስም አይደለም። አንዱ የተጣራውን፣ ሌላው ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበትን ከነገራትም ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

እርከኑ ከ18 እስከ 24 ሺህ ተባለ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አምስት ዓመት ያገለገለችው ነባር የሒሳብ ሠራተኛ የምታገኘው 17 ሺህ፣ ማለትም ከአዲሱ መነሻ በታች ነው። አዲሱን በ21 ሺህ ቀጥሮ «ደመወዝ ምስጢር ነው» ማለት የትም አያደርስም፤ ፔሮሉን የምትሠራው እሷው ናትና!

የእሷን ወደ 22 ሺህ ማሳደግ በዓመት 60 ሺህ ብር፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ጋር ደግሞ 66,600 ብር ይጠይቃል። ይህ ወጪ ከአዲሱ ቅጥር በጀት ጋር አብሮ ይያዝ። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ቅጥሩ ይዘግይ፤ የነባሯን ሳታስተካክሉ ማስታወቂያ አታውጡ።