ቁጠባው ሳይነካ የማኅበሩ ሀብት ለምን ቀነሰ?

አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር «በዚህ ወር ሀብታችን በ260,000 ብር ቀንሷል» የሚል ማስታወቂያ ለአባላቱ ሲበትን ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ብዙ ጊዜ ግን በዚያ ወር ከካዝና የወጣ ብር የለም። ገንዘቡ የወጣው ብድሩ የተሰጠ ዕለት ነው። አሁን የሆነው ነገር፣ ያ ብድር ላይመለስ እንደሚችል መዝገቡ ማመኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል ይህን ማኅበር እናስብ። አባላት የቆጠቡት 8 ሚሊዮን ብር፣ በዕጣ የከፈሉት 1.2 ሚሊዮን፣ ካለፉት ዓመታት ትርፍ የተቀመጠው መጠባበቂያ 800,000፤ በድምሩ 10 ሚሊዮን ብር። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በአባላት እጅ በብድር ተሰራጭቷል፣ 2.2 ሚሊዮን ያህሉ ባንክ ነው። አንድ አባል 500,000 ተበድሮ 100,000 ከመለሰ በኋላ መክፈል አቆመ። ቀሪ ዕዳው 400,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አባሉ ሦስት ወር ካልከፈለ ያደረው የሦስት ወር ክፍያ ብቻ ይመስላል። የዓለም የቁጠባና ብድር ማኅበራት ምክር ቤት «ፐርልስ» በተባለው መለኪያው የሚያስቀምጠው ሥርዓት ግን ክፍያው ካለፈበት ብድር ገና ያልተመለሰው ዕዳ ሁሉ እንደ ውዝፍ እንዲቆጠር ነው። አንድ ክፍያ መዝለል የጀመረ ሰው የቀረውንም ላይከፍል ይችላልና። ስለዚህ ውዝፉ 400,000 ነው።

በዚሁ መለኪያ መሠረት ውዝፉ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማኅበሩ ከዕዳው 35 በመቶውን ለአጠራጣሪ ብድር መጠባበቂያ አድርጎ ይይዛል። ከ400,000 ላይ 140,000 ብር መሆኑ ነው፤ ይህ ቀድሞ በወጪ ተመዝግቧል፣ ከላይ ያለው 10 ሚሊዮንም እሱ ተቀንሶ የቀረ ነው። ዓመቱ ሲያልፍ መጠኑ ወደ 100 በመቶ ይዘላል። ቀሪው 260,000 በአንድ ወር ወጪ ሆኖ ይገባል። ከአንዱ ወር ወደ ሌላው በተበዳሪው ዘንድ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የውዝፉ ዕድሜ ነው። ይህን ሥራ በየወሩ ሳይሠራ ለሰኔ 30 መዝጊያ የሚያቆይ ማኅበር ደግሞ የብዙ ብድር ጉዳት አንድ ላይ ይወድቅበታል።

ታዲያ 260,000ው ከማን ይቀነሳል? ከቁጠባችሁ አይደለም። ቁጠባ ማኅበሩ ለእናንተ ያለበት ዕዳ ስለሆነ 8 ሚሊዮኑ 8 ሚሊዮን ሆኖ ይቀራል። ጉዳቱን መጀመሪያ የሚሸከመው መጠባበቂያው ነው፤ ከ800,000 ወደ 540,000 ይወርዳል፣ ጠቅላላ ሀብቱም 9,740,000 ይሆናል። በዚህ ዓመት በዕጣ የሚከፋፈለው ትርፍ ቢያንስ ወይም ቢቀር ምክንያቱ ይኸው ነው። መጠባበቂያው አልቆ ጉዳቱ ዕጣውንም ቢበላ ግን ቀጥሎ ያለው ቁጠባ ነው። የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ አስቀማጮች እስከ 100,000 ብር በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ሲሸፈኑ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራት በዚያ ውስጥ የሉም። አባላት የመጠባበቂያውን ቁጥር ከትርፍ ክፍፍሉ አስቀድመው ማየት ያለባቸው ለዚህ ነው።

እኔ ይበልጥ የምፈራው ሀብቱ መቀነሱን የሚነግረውን ማኅበር ሳይሆን፣ ውዝፍ እያለበት ምንም ያልቀነሰበትን ነው። የተለመደው መደበቂያ ለዚያው ተበዳሪ አዲስ ብድር ሰጥቶ አሮጌውን መዝጋት ነው። በወረቀት ላይ ዕዳው ተከፍሏል፣ የውዝፉም ዕድሜ ከዜሮ ይጀምራል፤ ወደ ባንክ የገባ ብር ግን የለም። የቁጥጥር ኮሚቴው አሮጌው ብድር የተዘጋበትንና አዲሱ የተሰጠበትን ቀን ጎን ለጎን ቢያይ፣ ከዚያም ከባንክ መግለጫው ጋር ቢያመሳክር ይታወቃል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሆነው የገባ ገንዘብ ካልተገኘ ያ ብድር ዛሬም ውዝፍ ነው።

ማስታወቂያውን አንብቦ ሁሉም ገንዘቤን ልውሰድ ቢል ደግሞ ባንክ ያለው 2.2 ሚሊዮን ለ8 ሚሊዮን አይበቃም። መደበኛ ቁጠባ ብዙውን ጊዜ አባልነት ሲለቀቅ ብቻ የሚመለሰውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሙሉ መጠባበቂያ ተያዘለት ማለት ብድሩ ተማረ ማለት አይደለም። የተበዳሪው የራሱ ቁጠባ ይያዛል፣ ዋሶቹ ይጠየቃሉ፣ ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከዋሶቹ 150,000 ብር በጥቅምት ቢገኝ ገንዘቡ በዚያ ወር እንደ ገቢ ተመዝግቦ መጠባበቂያውን ወደ 690,000 ይመልሰዋል። ቀሪው 250,000 ከተበዳሪው እስኪገኝ ድረስ ስሙ ከውዝፍ ተበዳሪዎች ዝርዝር ላይ አይወርድም።