የቡድን ኮድ፦ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ከጊት ታሪክ ማንበብ

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ የቡድን ነው። በዲፌንስ ቀን ፕሮግራሙ ተከፍቶ ይታያል፤ ከዚያ ፈታኞቹ ማን የትኛውን ክፍል እንደሠራ ይጠይቃሉ። ፕሮግራሙ ራሱ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አንድ ጎበዝ በሦስት ሌሊት የጻፈውም ሆነ አምስት ሰዎች በአራት ወር ያቀናጁት፣ ስክሪን ላይ ሲታይ ያው ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ከኮዱ ጋር አብሮ በሚቀመጠው የለውጥ ታሪክ ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ ዛሬ በአብዛኛው ጊት ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል ሥራ የጻፈው ፕሮግራም።

የታሪኩ አንድ ገጽ ኮሚት ይባላል። በውስጡ ፋይሎቹ በዚያች ሰዓት የነበራቸው መልክ፣ የጻፈው ሰው ስምና ኢሜይል፣ ቀኑ፣ አጭር መልእክት፣ እንዲሁም የቀደመው ኮሚት መለያ ቁጥር ይሰፍራሉ። መለያው የሚሰላው ከእነዚህ ሁሉ ነው። ስለዚህ የዛሬ ወር የተጻፈ ኮሚት ቢነካካ የእሱም፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉም መለያ ይቀየራል። እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ ድምር ይዞ እንደሚጀምር የዕቁብ መዝገብ ነው፤ መሀል ላይ ያለች አንዲት ቁጥር ብትፋቅ እስከ መጨረሻው ያለው ሒሳብ ይናጋል። ኮሚት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ታሪኩ እንዳለ በየላፕቶፑ አለ። ኔትወርክ ሲመጣ የተጠራቀመውን ወደ ጋራው ማከማቻ መላክ፣ ማለትም ፑሽ ማድረግ፣ ይቻላል።

አምስት ተማሪዎች ለመድኃኒት ቤት የክምችት መቆጣጠሪያ ይሠራሉ እንበል። የመድኃኒቱ ማብቂያ ቀን ካርቶኑ ላይ የሚታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ባለመድኃኒት ቤቱ ግን በኢትዮጵያም አቆጣጠር ማየት ይፈልጋል። የቀን ልወጣውን የወሰደችው ተማሪ `main` የተባለውን ዋናውን መስመር ሳትነካ የራሷን ብራንች ትከፍታለች፦

```
git switch -c eth-calendar
```

ብራንች የኮዱ ሌላ ቅጂ አይደለም። ከአንድ ኮሚት ተነስቶ ለብቻው የሚያድግ የታሪክ መስመር ነው። ልጅቷ ልወጣውን እስክትጨርስ ድረስ ሌሎቹ የሚያዩት `main` የሚሠራ ፕሮግራም ሆኖ ይቆያል። ከሦስት ቀን በኋላ ብራንቹ ሲነበብ፣ አዲሱ ከላይ ሆኖ፣ ይህን ይመስላል፦

```
e41b7c0 ማብቂያ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሳይ
9c03d5a ጳጉሜን 6 ቀን የሚሆንበትን ዓመት አስተካክል
71fa2e8 ለቀን ልወጣ ሙከራ ጨምር
2b86f19 የአውሮፓን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ለውጥ
```

ከአራቱ ይበልጥ የሚናገረው ከላይ ሁለተኛው ነው። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜን 6 ቀን 2015 መሆን ሲገባው፣ የመጀመሪያው ኮድ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ አወጣው። ሙከራው ስህተቱን ያዘው፤ ቀጣዩ ኮሚትም አረመው። ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር ለመደበቅ ሁሉንም አጥፈው «ቀን ልወጣ ተጠናቀቀ» የሚል አንድ ኮሚት ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ለፈታኝ ግን የእርማቷ ኮሚት ከተጠናቀቀው ኮድ ይልቅ ታሳምናለች። የሰው ኮድ ቀድቶ ያመጣ ሰው እንዲህ ያለ መንገድ የለውም፤ ኮዱ በአንድ ቀን ሙሉ ሆኖ ነው የሚገባው።

አንድ ኮሚት ምን ያህል ይሁን? መልእክቱ ያለ «እና» በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተነገረ ሁለት ሥራ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ተቀላቅሎ ከተገኘ `git add -p` ለውጡን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እያሳየ የትኛው አሁን እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚቆይ ይጠይቃል።

ብራንቹ ሲያልቅ ወደ `main` ይዋሃዳል፤ ይህ መርጅ ነው። እዚህ ላይ ቡድኑ አስቀድሞ መስማማት ያለበት ነገር አለ። ብራንቹ ከተከፈተ ወዲህ `main` ካልተንቀሳቀሰ ጊት ኮሚቶቹን በቀጥታ ይቀጥላቸዋል፤ ብራንች እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት አይቀርም። `git merge --no-ff` ከተባለ ግን የመዋሃጃ ኮሚት ይፈጠራል፤ `git log --graph --oneline` ሲታዘዝም መስመሩ ተከፍሎ ሲገጥም ይታያል። በጊትሀብ ላይ ደግሞ ስኳሽ የሚባለው አማራጭ ከተመረጠ አራቱ ኮሚቶች በ`main` ላይ አንድ ይሆናሉ። ለኩባንያ ጥሩ ልማድ ሊሆን ይችላል፤ የሥራ ሂደቱን ማሳየት ለሚፈልግ ተማሪ ግን የራሱን ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ብዙ ቡድን የሚወድቀው ግን ብራንች ከፍቶ በመርሳት ነው። ሪፖርት የሚያወጣውን ክፍል የወሰደው ተማሪ አምስት ሳምንት በብራንቹ ብቻውን ቆየ እንበል። በዚህ መሀል ሌላዋ `expiry` የነበረውን የሠንጠረዥ ዓምድ `expiry_date` ብላ ሰየመችው። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ጽፈው ቢሆን ጊት ኮንፍሊክት ብሎ ያቆማቸው ነበር፤ ያ ቀላሉ ችግር ነው። የተጻፈው በተለያዩ ፋይሎች ከሆነ ግን መርጁ ያለ አንዳች ቅሬታ ያልፋል። ፕሮግራሙ የሚሰበረው በኋላ፣ ሪፖርቱ የሌለ ዓምድ ሲፈልግ ነው። ጊት ጽሑፍን እንጂ ትርጉምን አያነጻጽርም። መድኃኒቱ በየሁለት ሦስት ቀኑ `main`ን ወደ ራስ ብራንች ማዋሃድ፣ ሙከራዎቹን ማስኬድ፣ ከዚያ ፑሽ ማድረግ ነው። ፑሽ ያልተደረገ ኮሚትን አማካሪውም ጓደኞቹም አያዩትም፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅም አብሮ ይሄዳል።

አማካሪዎች አንዳንዴ ወደ ቁጥር ይሮጣሉ። `git shortlog -sn --all --no-merges` የእያንዳንዱን ሰው ኮሚት ይቆጥራል፤ ችግሩ ቁጥሩ በቀላሉ መሳሳቱ ነው። በቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ የተጠቀመው ሰው ስም ተቀምጦ ከሆነ የሌላው ሥራ በእሱ ስም ይመዘገባል። በላፕቶፑና በቤተ ሙከራው ስሙን በተለያየ ፊደል የጻፈ ተማሪም ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ሥራ ሲጀመር `git config user.name` እና `git config user.email` ብሎ ማየት ይህን ያስቀራል። የመስመር ብዛት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ `node_modules` የተባለውን የውጭ ኮድ ማህደር በስህተት ያስገባ ሰው በአንድ ጊዜ የቡድኑ ታታሪ ይመስላል።

ቀኑም ቢሆን የሚወሰደው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ነው፤ የፈለገ ሰው `--date` ብሎ የፈቀደውን ይጽፋል። የተጠራጠረ አማካሪ ፑል ሪኩዌስት የተከፈተበትንና አስተያየት የተሰጠበትን ቀን ቢያይ ይሻለዋል፤ እሱን የሚመዘግበው የጊትሀብ ሰርቨር ነው።

ታሪኩ ጨርሶ የማያየው ሥራም አለ። ከአምስቱ አንዱ መድኃኒት ቤቶችን ዞሮ ባለሙያዎቹን ጠይቆ ሊሆን ይችላል፤ ማስታወሻው በቴሌግራም ከቀረ በጊት ውስጥ ምንም እንዳልሠራ ነው። ማስታወሻውን በ`docs` ማህደር ውስጥ በተራ የጽሑፍ ፋይል ኮሚት ካደረገው ግን ሥራው በስሙ ይመዘገባል። ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ተቀምጦ ሲሠራም በመልእክቱ መጨረሻ፣ ከአንድ ባዶ መስመር በታች፣ `Co-authored-by:` ተብሎ የሁለተኛው ስምና ኢሜይል ይጻፋል። ጊትሀብ ኮሚቱን ለሁለቱም ይሰጣል፤ `shortlog` ግን እንዲሁ ሲታዘዝ የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።