ከ«አሚን» በፊት አይቆረጥም

ጁገል ውስጥ ሠርግ ቀርጾ የተመለሰ ካሜራማን ማታ ካርዱን ሲከፍት የአምስት ስድስት ሰዓት ምስል ይጠብቀዋል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ በቴሌግራም የሚላከው «ሃይላይት» ግን አምስት ደቂቃ፣ ማለትም 300 ሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ምስል ሦስት ሰከንድ ቢቆይ መቶ ቁራጭ ብቻ ይገባል።

ጀማሪ ኤዲተር መቶ ቆንጆ ምስል ለቅሞ ዘፈን ያለብሰዋል፤ የሚወጣው የሚንቀሳቀስ የፎቶ አልበም ነው። የለመደው መጀመሪያ ስክሪኑን ትቶ በኢርፎን ይሰማል። ድምፁ ምሰሶ ነው፤ ምስሉ እንደ ጭቃ በላዩ ይለጠፋል።

ከሁሉ የሚከብደው የኒካሁ ዱዓ ነው። ሽማግሌው በሐረሪ ይለምናሉ፣ ተቀማጩ «አሚን» ይላል። ቋንቋውን የማይሰማ ኤዲተር ትንፋሽ ባገኘበት ይቆርጥና ምርቃቱን ተንጠልጥሎ ያስቀረዋል። እኔ ብሆን ከቤተሰቡ አንድ ሰው አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱ ልመና የሚያልቅበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ አስይዛለሁ። ዱዓው ከረዘመ መሀሉ ይዘለላል፤ የመጨረሻው ልመናና አሚኑ ግን አብረው ይቀራሉ። ድምፁ የተቀጠለበት ቦታ ላይ የሽማግሌውን አፍ ማሳየት ስህተቱን ያጋልጣል። እዚያ ላይ ወደ ላይ የተዘረጉ የእናት እጆች ቢገቡ ስፌቱ አይታይም።

ጭፈራው ላይ ደግሞ የስሎው ሞሽን ፍቅር ያሳስታል። በሰከንድ 50 ፍሬም የተቀረጸው በ25 ሲጫወት እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል። ከረቡ የምትመታ እጅ ስትዘገይና ድምፁ በራሱ ፍጥነት ሲሄድ፣ ምቱ ከእጁ እንደተለየ ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ የሚመታ እጅ አይዘገይም፤ የሚዘገየው ፊት፣ ነጠላ፣ የሚዞር ቀሚስ ነው። በአንጻሩ ከበል የሚባሉት የእንጨት ማጋጫዎች ለኤዲተር በረከት ናቸው። «ቋ» ሲሉ በድምፁ መስመር ላይ ሹል ጫፍ ይተዋሉ፤ የሁለት ካሜራ ቀረጻ በዚያ ጫፍ ይገጣጠማል። ፊልም ሠሪ ለዚሁ ሥራ የራሱን እንጨት ያጋጫል።

ቅደም ተከተሉን በምሳሌ እንየው። በጨለማ ስክሪን ላይ የከበል ድምፅ አምስት ሰከንድ፤ ቀጥሎ ጠባቡ መንገድና የሚገባው ሰው፣ ኒካሁ፣ ዱዓው እስከ አሚን አርባ ሰከንድ ያህል። ከአሚኑ በኋላ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይተውና ጭፈራው ይፈነዳል። የአባት ንግግር መሀል ላይ ይገባል፤ ሰው የሳቀበት ዓረፍተ ነገር ከነሳቁ ይበቃል። ከመክፈቻው ድምፅ በቀር ጊዜው ወደ ኋላና ወደ ፊት ባይዘል ይሻላል፤ ጭፈራው ከኒካሁ ቀድሞ ከታየ አክስት ሁሉ «ምነው?» ትላለች።

ከመላኩ በፊት የሴቶቹ ክፍል ምስል ለሙሽራዋ እናት ይታያል። «ይቺ ትውጣ» ያሉት ይወጣል፤ በቦታው ሦስት ሰከንድ ክፍተት ይቀራል። ለዚህ ሲባል ብልህ ካሜራማን ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶችና ቀዩን ነደባ ለየብቻ ቀርጾ ያስቀምጣል።