የጠፋችው ቅንፍና የማርክ አቤቱታ

የካልኩለስ ፈተና ወረቀት በተመለሰ ማግስት መምህራን በብዛት የሚደርሳቸው መልእክት «ቲቸር፣ ማርኬ አንሶብኛል፤ እባክዎ ይዩልኝ» የሚል ነው። ትሕትና አልጎደለውም። ግን የትኛው ጥያቄ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ ስለማይናገር መምህሩን ወረቀቱን ከአናቱ ጀምሮ እንዲያርም ይጠይቀዋል።

ስድስት ማርክ የተያዘለትን ይህን ጥያቄ እንውሰድ፦ ∫₀¹ x eˣ dx። የሚሠራው ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ በሚባለው ዘዴ ነው። አንዲት ተማሪ u = x፣ dv = eˣ dx ብላ በትክክል መረጠች እንበል። ቀመሩን አስገብታ [x eˣ]₀¹ − ∫₀¹ eˣ dx ላይ ደረሰች። የመጀመሪያው ክፍል e፣ ሁለተኛው e − 1 ይሆናል፤ ስለዚህ e − (e − 1) = 1 ነው መልሱ። እሷ ግን ቅንፉን ዘንግታ e − e − 1 ጻፈችና −1 አወጣች። ከስድስት ሁለት ተሰጣት።

እንዲህ ብትጽፍ አቤቱታዋ ሰሚ ያገኛል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የካልኩለስ ተማሪዎ ነኝ፤ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች አለ። በአጋማሽ ፈተናው ጥያቄ 4 ላይ ከ6 ማርክ 2 አግኝቻለሁ። የመጨረሻ መልሴ ስሕተት መሆኑን አይቻለሁ፤ በመጨረሻው መስመር ቅንፍ ስለረሳሁ በ1 ፈንታ −1 ጽፌአለሁ። ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ግን ትክክል ይመስሉኛል። ለአሠራሩ ማርክ የተመደበ ከሆነ፣ ሲመችዎ እነዚህን መስመሮች ደግመው ቢያዩልኝ? የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

የመልእክቱ ጉልበት ስሕተቱን ቀድሞ ማመኑ ላይ ነው። መምህሩ የሚያየው ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ መከራከሪያውም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለ ስኮላርሺፕ ወይም ስለ ውጤት አማካይ አንዲት ቃል የለበትም፣ ደግ አድርጋለች፤ እነዚህ ሦስተኛውን መስመር ትክክል አያደርጉትም።

ሙሉ ስድስት ግን አትጠብቅ። x eˣ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ስፋት ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። −1 ሲወጣ ቆም ብሎ መጠርጠር የተማሪዋ ፈንታ ነበር። አራት ወይም አምስት ብታገኝ አልተበደለችም።

ምርጫውን ገልብጣ u = eˣ፣ dv = x dx ብላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነው። ቀጣዩ ኢንቴግራል ውስጥ x²/2 ገብቶ ሥራው ከመጀመሪያው ይከብዳል። እዚያ ላይ የቆመ ወረቀት ቀመሩን ማወቁን ያሳያል እንጂ መንገዱን ማግኘቱን አያሳይም፤ ሁለቱ ማርክ ያኔ ተገቢ ሊሆን ይችላል።

ከመላኩ በፊት መታሰብ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ጥያቄውን ዳግም የሚያየው መምህር ቀድሞ ያለፈውን ስሕተትም ሊያገኝ ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ማርኩ ከነበረውም ሊወርድ ይችላልና ተማሪዋ እያንዳንዱን መስመር ከመልስ ቁልፉ ጋር ማስተያየት ይኖርባታል።