ተጨማሪ መረጃ፦ አበጠ ወይስ ሰመጠ?

ከጎንደር በስተደቡብ፣ በአዘዞ ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ቤት ወለሉ ተሰነጠቀ እንበል። ጉዳቱን የሚመረምረው ባለሙያ ሪፖርቱን «አፈሩ አብጦ መካከሉን አነሳው» ብሎ ከጀመረ ያየውንና የገመተውን ደባልቋል። በውሃ ልክ ያገኘው መካከሉ ከዳሩ በ25 ሚሊ ሜትር መብለጡን ብቻ ነው። መካከሉ ተነሥቶ ይሁን ዳሩ ሰምጦ ልኬቱ አይናገርም፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ገረጋንቲም ዳሩን ያሰምጣል። ስለዚህ መሠረቱ ጠልቆ በወረደ ምሰሶ ላይ በግንባታው ጊዜ የተደረገውን የወለል ከፍታ ምልክት ይፈልጋል። መካከሉ ከምልክቱ በላይ ከተገኘ፣ ከሥሩ የወጣውም አፈር እርጥብ ጥቁር ሸክላ ከሆነ፣ እነዚህ በሪፖርቱ «የታዩ» በሚለው ክፍል ይጻፋሉ፤ እብጠት መሆኑ «አስተያየት» በሚለው ሥር ይገባል። አፈሩን ያራሰው ክረምቱ ይሁን የሚያፈስ ቧንቧ ግን ለብቻው የሚጣራ ነው።