መልስ ላልሰጠ ገዢ የሚጻፍ ሁለተኛ ደብዳቤ

ናሙና ተቀብሎ ዝም ላለ ገዢ «የፊተኛው ደብዳቤያችን ደርሶዎት ይሆን?» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ መልስ አያስገኝም፤ ለመመለስ የሚያነሣሣ አዲስ ምክንያት አልቀረበለትምና። ይህ ምክንያት ከገዢው ኩባንያ አዲስ ወሬ ሊገኝ ይችላል።

አንድ የአዲስ አበባ ላኪ፣ በሐምቡርግ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ኩባንያ 300 ግራም የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና ልኮ ሦስት ሳምንት መልስ አጣ እንበል። በዚህ መካከል ኩባንያው፣ የአንድ አገር ቡና ብቻ የያዘ አዲስ እሽግ በመስከረም ለገበያ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ላኪውም እንዲህ ይጽፋል፦

«ኩባንያዎ በመስከረም ስለሚያወጣው እሽግ የሰጠውን መግለጫ አነበብን። የላክነው ናሙና ሳይደባለቅ ለብቻው የሚጠጣ ቡና ነው። ለመስከረም እንዲደርስ ግን በሰኔ መጫን ይኖርበታል። የቅምሻውን ውጤት እስከ ግንቦት 20 ቢገልጹልን የ50 ጆንያ ዋጋ እናቀርባለን።»

ወሬው ለሙገሳ ሳይሆን የመጫኛውን ጊዜ ለመወሰን አገለገለ። ነገር ግን አስቀድሞ ከኩባንያው ከራሱ መግለጫ ሊረጋገጥ ይገባል፤ ወሬው ስለ ኪሳራ ወይም ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ከሆነም ሳይነሣ ይታለፋል። የገዢው ስም ብቻ ተለውጦ ለሌላ ሊላክ የሚችል ደብዳቤ ግን ከወሬው ጋር ገና አልተያያዘም።